ማሽኑ «ደህና ነሽ» ሲል ላብራቶሪው «አይደለሽም» ካለ

ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው የ47 ዓመት እናት በየማለዳው ጣታቸውን ወግተው ስኳራቸውን የመዘገቡበት ደብተር ነው። 112፣ 124፣ 109፣ 121 እያለ ይቀጥላል፤ የሦስት ወሩ አማካይ 118 ነው። ሁለተኛው በዚያው ሳምንት የመጣ የላብራቶሪ ውጤት ነው፤ የሦስት ወር ስኳር የሚባለው የኤዋንሲ ምርመራ 8.6 በመቶ ይላል። ደብተሩ ስኳሩ በቁጥጥር ሥር ነው ይላል፤ ወረቀቱ ግን ከልክ አልፏል ይላል።

«ደብተሩን በየቀኑ ለክተው ነው የሞሉት?» ይላል ሐኪሙ።

«ዶክተር፣ አንድም ቀን አላሳለፍኩም። ማሽኑ ያለውን ነው የጻፍኩት።»

ይህ ታሪክ በስኳር ክትትል ክፍሎች የሚያጋጥመውን ለማስረዳት የቀረበ አብነት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ታካሚውን ይጠረጥራል፣ ታካሚውም ላብራቶሪውን። ሆኖም ሁለቱም ወረቀቶች እውነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ የሚለኩት ግን አንድ ነገር አይደለም።

በደማችን ውስጥ ያለው ስኳር በቀይ የደም ሴል ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ቀስ በቀስ ይጣበቃል። አንዴ ከተጣበቀ ሴሉ እስኪሞት አይለቅም። ኢራናዊው ሐኪም ሳሙኤል ራህባር ይህ ዓይነቱ ሄሞግሎቢን በስኳር ሕሙማን ደም ውስጥ በዝቶ መገኘቱን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1968 ቴህራን ውስጥ ነው። ዛሬ ላብራቶሪው 8.6 በመቶ ሲል ከመቶው ሄሞግሎቢን 8.6ቱ ስኳር ተጣብቆበታል ማለቱ ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ውጤቱ የሁለትና ሦስት ወሩን ስኳር ያሳያል፤ ግማሽ ያህሉን የሚወስነው ግን የመጨረሻው ወር ነው።

በመቶ የተጻፈውን ውጤት ወደ ማሽኑ ቋንቋ መመለስ ይቻላል። ቁጥሩን በ28.7 አባዝተው 46.7 ይቀንሱለት። የእናታችን 8.6 በዚህ ስሌት አማካይ ስኳሩ 200 ገደማ እንደነበረ ይናገራል። ደብተሩ ግን 118 ይላል፤ እሱም ከ5.7 በመቶ ጋር የሚሄድ ቁጥር ነው።

ስሌቱ ግን ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። ኤዋንሲያቸው 7 በመቶ የሆነ ሰዎች አማካይ ስኳራቸው በስሌቱ 154 ቢሆንም፣ ከሰው ሰው ከ123 እስከ 185 ሊለያይ እንደሚችል ተረጋግጧል። ስለዚህ የ20 ወይም የ30 ልዩነት ብቻውን አያስደነግጥም። በ118 እና በ200 መካከል ያለው ገደል ግን ሰበብ አለው፤ መፈለግም አለበት።

መጀመሪያ የሚታየው የመለኪያው ሰዓት ነው። እናታችን የለኩት ሁልጊዜ ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ በባዶ ሆድ ነው። ይህ ለብዙ ሰው ስኳሩ ዝቅ የሚልበት ሰዓት ነው። እንጀራው ተበልቶ፣ ሻዩ በስኳር ተጠጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያለውን ደብተሩ አላየውም። በጾም ወቅት ምግብ ከመቅመሱ በፊት ብቻ የሚለካ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የተራበበትን ሰዓት መዝግቦ ማታ የበላውን ይተወዋል።

ሐኪሙ ስለዚህ ለሦስት ቀን በቀን ሰባት ጊዜ እንዲለኩ አዘዛቸው፤ ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት፣ ከእያንዳንዱ ምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ እና ከመተኛታቸው በፊት። የአንዱ ቀን ውጤት ይህን ይመስላል፦ ማለዳ 118፣ ከቁርስ በኋላ 196፣ ከምሳ በፊት 150፣ ከምሳ በኋላ 228፣ ከእራት በፊት 164፣ ከእራት በኋላ 212፣ ሊተኙ ሲሉ 178። ሰባቱ ተደምረው ለሰባት ሲካፈሉ 178 ይሆናሉ። ሌሎቹ ሁለት ቀናትም ከዚህ ብዙ አልራቁም።

ነገሩ በግማሽ ተፈታ። ማሽኑ አልዋሸም፤ የተጠየቀው የቀኑን መልካም ሰዓት ብቻ ስለነበር ነው። የእናታችን ስኳር ጠዋት ጥሩ ሆኖ ምሳ ላይ ከልክ ያልፋል። ይህን ማወቅ መድኃኒቱንም የምሳውን መጠንም ለማስተካከል ጠቀመ።

ግን 178 በስሌቱ የሚሰጠው 7.8 በመቶ ነው። እንዲያውም የሌሊቱ ሰዓት ስላልተለካ እውነተኛው አማካይ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ላብራቶሪው ግን 8.6 ብሏል። የቀረውን ልዩነት ምን ያብራራዋል? ልዩነቱ ከሰው ሰው በሚለያየው ልክ ውስጥ ስለሚወድቅ ሐኪሙ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር። እሱ ግን የታካሚዋን ገረጣ ያለ መዳፍ አይቶ አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ ስለ ወር አበባቸው ጠየቃቸው።

በማሕፀን ዕጢ ምክንያት ለዓመት ያህል ብዙ ደም ሲፈሳቸው ኖሯል። የደም ምርመራው ሄሞግሎቢናቸው 9.4 መሆኑን፣ ሴሎቻቸው አንሰው መታየታቸውን፣ የአይረን ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲንም 6 ብቻ መሆኑን አወጣ። በአይረን እጥረት የመጣ የደም ማነስ ነው።

የአይረን እጥረት ኤዋንሲን ወደ ላይ ይገፋል። አይረን ሲያንስ መቅኔ አዳዲስ ቀይ የደም ሴሎችን እንደልቡ ማምረት ስለማይችል በደም ውስጥ የሚዞሩት በአማካይ ያረጁ ይሆናሉ። ያረጀ ሴል ደግሞ ከስኳር ጋር የቆየበት ጊዜ ረጅም ነው፤ የተጣበቀበትም ስኳር ይበዛል። ላብራቶሪው የቆጠረውን በትክክል ቆጥሯል፤ የቆጠረው ግን ዕድሜን ከስኳር ጋር ደባልቆ ነው። የቢ12 ቫይታሚን እጥረትም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ሜትፎርሚንን ለዓመታት የሚወስድ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ስለሚችል ይህም የሚረሳ አይደለም።

እናታችን አይረን ተጀመረላቸው፤ የደም መፍሰሱም መታከም ጀመረ። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አይረኑ መሥራት ሲጀምር መቅኔው አዳዲስ ሴሎችን በብዛት ይለቃል። ወጣቶቹ ሴሎች ስኳር ገና ስላልተጣበቀባቸው ኤዋንሲው ከእውነቱ በታች ይወርዳል። በዚያ ሰሞን 6.8 ቢመጣ «ስኳሬ ዳነ» ብሎ መድኃኒት መቀነስ ስህተት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሄሞግሎቢናቸው ተስተካክሎ ሦስት ወር እስኪያልፍ በማሽኑ ብቻ ተመራ። ከዚያ በኋላ ሲለኩ የሰባት ጊዜው አማካይ 150፣ ኤዋንሲው 6.9 ሆነ። ስሌቱ ለ150 የሚሰጠውም ይኸው 6.9 ገደማ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ታረቁ።

ከዚህ የሚብሰው ተገላቢጦሹ ነው፤ ማሽኑ 220 እና 250 እያለ ላብራቶሪው 6.2 ብሎ ሲያረጋጋ። ይህ የሚሆነው ቀይ የደም ሴሎች ዕድሜያቸው ሳይደርስ ሲያልቁ ወይም በአዲስ ሲተኩ ነው፤ ስኳሩ ለመጣበቅ ጊዜ አያገኝም። ወባ ሴሎችን ያፈርሳል። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሰው ሰው ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠውን ፕሪማኩዊን ሲወስድ ሴሎቹ በድንገት ሊፈርሱ ይችላሉ። በቅርቡ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው፣ በዲያሊሲስ ላይ ሆኖ የደም ማብዣ መርፌ የሚወጋ፣ እርጉዝ የሆነች ሴት፣ የሁሉም ኤዋንሲ ከእውነተኛው ስኳር በታች ሊነበብ ይችላል። እነዚህ ሰዎች መታመን ያለባቸው በማሽኑ ነው። ካስፈለገም ፍሩክቶዛሚን የሚባል ምርመራ አለ። እሱ ስኳር በደም ፕሮቲን ላይ የተጣበቀበትን ስለሚለካ የሴሎቹ ዕድሜ አያሳስተውም፤ የሚያሳየውም የሁለትና የሦስት ሳምንቱን ብቻ ነው።

ማሽኑም ቢሆን ያለ ፍተሻ አይታመንም። ማንጎ ወይም ብርቱካን የላጠ ጣት ሳይታጠብ ከተወጋ የሚለካው የፍሬው ስኳር ጭምር ነው። የስትሪፕ ብልቃጡ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ከቆየ፣ ወይም ጊዜው ካለፈ፣ ቁጥሩ ይዛባል። ከአውሮፓ ዘመድ የላከው ማሽን ደግሞ በሌላ መለኪያ ሊጽፍ ይችላል። በእሱ 8.3 ማለት 8.3 በመቶ አይደለም፤ በ18 ሲባዛ 150 ገደማ የሚሆን የዚያች ቅጽበት ስኳር ነው።

ማሽንን ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ለደም ምርመራ በባዶ ሆድ ሲሄዱ ማሽንዎን ይዘው ይሂዱ። ከክንድዎ ደም እንደተወሰደ ወዲያው ጣትዎን ታጥበው ለኩ። ስኳሩ ከ100 በላይ ከሆነ ማሽኑ ከላብራቶሪው ከ15 በመቶ በላይ መራቅ የለበትም። ላብራቶሪው 140 ካለ ማሽንዎ ከ119 እስከ 161 ባለው ውስጥ መገኘት አለበት። ደጋግሞ ከዚያ ከወጣ ችግሩ ማሽኑ ወይም ስትሪፑ ላይ ነው።

ማሽንዎና ላብራቶሪው የማይስማሙ ከሆነ መድኃኒትዎን በራስዎ አይጨምሩ፤ አይቀንሱም። ከቀጠሮዎ በፊት ሦስት ቀን በቀን ሰባት ጊዜ ለክተው ከነሰዓቱ ይጻፉ፤ ደብተሩን ብቻ ሳይሆን ማሽኑንም ይዘው ይቅረቡ። በቅርቡ ደም ፈሶዎት፣ ወባ ይዞዎት ወይም ደም ተሰጥቶዎት ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ከዚያም ሐኪምዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ሄሞግሎቢኔ ስንት ነው?» የደሙ ሁኔታ ሳይታወቅ የኤዋንሲ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።