26.5 ዲግሪ ሞቃት ነው? ኤሲው «ትንሽ ሞቅ ብሏል» የሚለውን እንዴት ይረዳል?

ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችኋል እንበል። ግድግዳው ላይ ያለውን ኤሲ 24 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁታል፤ ክፍሉ ግን አሁን 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ይሄ ሞቃት ነው? ብዙዎቻችሁ በቀጥታ «አዎ» ወይም «አይ» አትሉም። «ሞቅ ይላል፣ ግን ያን ያህል አይደለም» ነው የምትሉት። ዛሬ የምናየው ይህችን «ያን ያህል አይደለም» የምትል አባባል ማሽን እንዲገባው እንዴት እንደሚደረግ ነው።

መጀመሪያ የተለመደውን መንገድ እንይ። ቀላሉ ኤሲ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ማብራትና ማጥፋት። ክፍሉ 25 ሲደርስ ኮምፕሬሰሩ ይነሳል፣ 23 ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ ክፍሉ ቀኑን ሙሉ በ23 እና በ25 መካከል ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ኮምፕሬሰሩም በተነሳ ቁጥር ለአፍታ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ መነሳትና መቆሙ ሲበዛም ቶሎ ያረጃል። ሌሊት ኤሲው «ጓ» ብሎ ሲነሳ ከእንቅልፉ የባነነ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

አሁን ፍጥነቱን መቀነስና መጨመር የሚችል፣ ኢንቨርተር ያለው ኤሲ አለን እንበል። ጥያቄው ይቀየራል ማለት ነው፤ «ላብራ ወይስ ላጥፋ?» ሳይሆን «በምን ያህል ፍጥነት ልሥራ?» ይሆናል። ይህን ለመመለስ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ፈዚ ሎጂክ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ሎትፊ ዛዴህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ድንበራቸው የደበዘዘ ስብስቦችን የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ አሳተመ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ኢብራሂም ማምዳኒና ተማሪው አሲሊያን ለንደን ውስጥ አንዲት ትንሽ የእንፋሎት ሞተር በዚህ ዘዴ ተቆጣጠሩ።

የአባልነት ደረጃ

በተለመደው ሒሳብ አንድ ቁጥር የአንድ ስብስብ አባል ነው፣ ወይም አይደለም። «ሞቃት» የሚጀምረው ከ26 ነው ካልን 25.9 ሞቃት አይደለም፣ 26.0 ግን ነው። አንድ አስረኛ ዲግሪ ይህን ያህል ለውጥ ማምጣቱ ትንሽ አያስቅም?

በፈዚ ሎጂክ ግን አባልነት ከ0 እስከ 1 ደረጃ አለው። ለክፍላችን ሦስት ቃላት እንምረጥ። 24 ዲግሪና ከዚያ በታች ሙሉ በሙሉ «ደህና» ነው (1)፤ ከዚያ ወደ ላይ ደረጃው እየቀነሰ 26 ላይ 0 ይሆናል። «ሞቅ ያለ» ከ24 ይጀምርና 26 ላይ 1 ይደርሳል፣ 28 ላይ ወደ 0 ይመለሳል። ስታችሁ ብታዩት ሦስት ማዕዘን ነው የሚሆነው። «በጣም ሞቃት» ከ26 ይነሳና 28 ላይ 1 ይሞላል። እንግዲህ 26.5 ዲግሪ 0.75 ያህል «ሞቅ ያለ»፣ 0.25 ያህል ደግሞ «በጣም ሞቃት» ነው። ልብ በሉ፣ 0.75 ማለት «75 በመቶ ሞቅ ያለ የመሆን ዕድል አለው» ማለት አይደለም። ቴርሞሜትሩን አንብበናል፣ የምንጠራጠረው ነገር የለም። የሚለካው ቁጥሩ ለቃሉ ምን ያህል እንደሚስማማ ነው።

የሙቀት መጠኑ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ወዴት እየሄደ እንደሆነም ማወቅ አለብን። ከ5 ደቂቃ በፊት ክፍሉ 26.9 ከነበረ በደቂቃ 0.08 ዲግሪ እየቀዘቀዘ ነው። በደቂቃ 0.2 ዲግሪ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ «እየቀዘቀዘ»፣ ለውጥ ከሌለ ሙሉ በሙሉ «ባለበት» ነው ካልን፣ የኛ ክፍል 0.4 «እየቀዘቀዘ»፣ 0.6 «ባለበት» ይሆናል።

ሕጎቹ

አሁን ኤሲ አብርቶ የሚያውቅ ማንም ሰው የሚናገራቸውን ሕጎች እንጻፍ። ዝግተኛ ፍጥነት 30 በመቶ፣ መካከለኛ 60፣ ሙሉ 100 ይሁን።

1. ሞቅ ያለና ባለበት ከሆነ፣ መካከለኛ።
2. ሞቅ ያለና እየቀዘቀዘ ከሆነ፣ ዝግተኛ።
3. በጣም ሞቃትና ባለበት ከሆነ፣ ሙሉ።
4. በጣም ሞቃትና እየቀዘቀዘ ከሆነ፣ መካከለኛ።

ሌሎችም ሕጎች አሉ፤ አሁን የሚሠሩት ግን እነዚህ አራቱ ናቸው። ዋናው ነገር አራቱም በአንድ ጊዜ መሥራታቸው ነው፤ እያንዳንዱ በየአቅሙ ይናገራል። የአንድ ሕግ አቅም ከሁለቱ ሁኔታዎች ትንሹ ነው። የሕግ 1 ከ0.75 እና ከ0.6 ትንሹ፣ ማለትም 0.6 ነው። የሕግ 2 0.4፣ የ3 0.25፣ የ4 ደግሞ 0.25 ይሆናል። ከዚያ ፍጥነቶቹን በየአቅማቸው እያባዛን አማካይ እንወስዳለን፦

```
(0.6×60 + 0.4×30 + 0.25×100 + 0.25×60) / (0.6 + 0.4 + 0.25 + 0.25)
= 88 / 1.5 ≈ 59
```

ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ በ59 በመቶ ፍጥነት ይሠራል።

አሁን አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ተወው፤ ክፍሉ ያው 26.5 ነው፣ ነገር ግን በደቂቃ 0.08 ዲግሪ እየሞቀ ነው። «እየሞቀ» ከሆነ ሙሉ ፍጥነት የሚሉ ሕጎች ስላሉን ስሌቱ 126 / 1.5 = 84 በመቶ ይሰጣል። ቴርሞሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ ውሳኔው ተለየ። እናንተም ብትሆኑ እንዲህ ነበር የምታደርጉት።

የት ላይ ይሳሳታል?

እኔ ይህን በኮምፒውተር ስሞክር መጀመሪያ የገጠመኝ ክፍሉ 25.3 ላይ ደርሶ ንቅንቅ አልል ማለቱ ነው። ኮዱ ውስጥ ስህተት ፈልጌ አጣሁ። ችግሩ ሕጎቹ ውስጥ ነበር። «ደህናና ባለበት ከሆነ፣ ዝግተኛ» ብዬ ጽፌያለሁ። ስለዚህ 24 ዲግሪ ላይ ኤሲው የሚሠራው በ30 በመቶ ብቻ ነው። ቀትር ላይ ግን በግድግዳውና በመስኮቱ የሚገባውን ሙቀት ለማውጣት 50 በመቶ ያስፈልግ ነበር። ታዲያ ክፍሉ ሕጎቹ 50 የሚሰጡበት ቦታ ላይ እስኪደርስ ድረስ ይሞቃል፤ ያም 24 ላይ 1.33 ሲጨመር፣ 25.3 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ ሲደርስ የሚገባውና የሚወጣው ሙቀት እኩል ስለሚሆን ይቆማል።

ይህን ችግር በምልክቱ ትለዩታላችሁ፦ ሙቀቱ አይወዛወዝም፣ ግን ከፈለጋችሁት ቁጥር ራቅ ብሎ ይረጋል። መፍትሔው ሕጎቹ ፍጥነቱን ራሱን ሳይሆን የፍጥነቱን ለውጥ እንዲናገሩ ማድረግ ነው፤ «መካከለኛ» ከማለት ይልቅ «ካለህበት ትንሽ ጨምር» እንዲሉ። ያኔ ክፍሉ 24 እስኪደርስ ድረስ ጭማሪው ይቀጥላል። ጭማሪውን ካበዛችሁት ግን ክፍሉ 24ን አልፎ ይቀዘቅዝና መወዛወዙ ተመልሶ ይመጣል።

ሌላው ሴንሰሩ ነው። የሚያነበው በ0.1 ዲግሪ ደረጃ ከሆነ፣ በየደቂቃው ብታወዳድሩ ለውጡ አንዴ 0፣ አንዴ 0.1 እየሆነ ይዘላል፤ ኮምፕሬሰሩም አብሮት ይዘላል። ከላይ የ5 ደቂቃ ልዩነት የወሰድነው ለዚህ ነው።

እስቲ እናንተ ደግሞ ሞክሩት። ክፍሉ 25 ዲግሪ ሆኖ ባለበት ቢረጋ፣ የመጀመሪያዎቹ ሕጎች ኮምፕሬሰሩን በስንት በመቶ ያሠሩታል? 45 ካገኛችሁ ገብቷችኋል።