ከስላይድ ወደ ሀንድአውት፦ ነጥቦችን ወደ ተያያዘ ጽሑፍ የመቀየር ሥራ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እንደሚገኘው ንፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ባሉ ማሠልጠኛዎች፣ ትምህርቱ በፕሮጀክተር ካለቀ በኋላ ሠልጣኙ የሚጠይቀው ሀንድአውት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ግን በአንድ ገጽ ላይ ስድስት ስድስት ሆኖ የታተመው ስላይድ ራሱ ነው። ፓወርፖይንት ይህን የኅትመት ዓይነት ሀንድአውት ብሎ ቢጠራውም፣ የአሠልጣኙ ድምፅ የተለየው ስላይድ ብቻውን ሊነበብ አይችልም። ብቻውን የሚነበበው በሙሉ ዓረፍተ ነገር የተጻፈው ሀንድአውት ነው።

ስላይድን በጽሑፍ ቦታ ማስቀመጥ የት እንደሚያደርስ በሰፊው የተነገረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ጠፈርተኞችን እንደያዘች ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች። አደጋውን የመረመረው ቦርድም የናሳ ኃላፊዎች በቴክኒክ ሪፖርት ፋንታ ስላይድ ሲያቀርቡለት እንደተገረመ በሪፖርቱ ጽፏል።

ሥራው የሚጀምረው ጽሑፉን ከስላይዱ በማውጣት ነው። በዊንዶውስ ፓወርፖይንት ላይ `Save As` ከፍቶ ከፋይል ዓይነቶቹ `Outline/RTF` ሲመረጥ፣ አርእስቶቹና ነጥቦቹ በወርድ የሚከፈት ፋይል ሆነው ይወጣሉ። የሚወጣው ግን በስላይዱ የተዘጋጁ የጽሑፍ ቦታዎች ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። በተጨመረ የጽሑፍ ሳጥን፣ በሥዕል ወይም ከስላይዱ ግርጌ ባለው የተናጋሪ ማስታወሻ ውስጥ ያለው ይቀራል። ማስታወሻው ደግሞ ለሀንድአውቱ ዋናው ጥሬ ዕቃ ስለሆነ ለብቻው መገልበጥ አለበት። ጽሑፉ እንደ ቪዥዋል ግእዝ ባለ የቆየ ፎንት ተከትቦ ከሆነም ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር ችግሩን ያሳያል፤ ፊደሉ ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከተለወጠ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መከተብ ይኖርበታል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው መጻፍ ነው። ስለ መኪና ባትሪ የሚያስተምር አንድ ስላይድ እንውሰድ፦

• ነጌቲቭ መጀመሪያ
• ጋዝ – እሳት ማራቅ
• ዲስቲልድ ውሃ ብቻ

ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ይህን ይረዳዋል። ላልነበረው ግን ማን፣ መቼና ለምን የሚሉት አልተመለሱም። «ነጌቲቭ መጀመሪያ» ሲባል ሲፈታ ነው ወይስ ሲታሰር? ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ነጥብ አድራጊውን፣ ጊዜውንና ምክንያቱን ይጨምራል፦

«ባትሪ ስትፈታ ነጌቲቩን ገመድ አስቀድመህ አውጣ። የመኪናው ቦዲ ከነጌቲቭ ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ ፖዘቲቩን ቀድመህ ስትፈታ ቁልፉ ቦዲውን ቢነካ ኮንታክት ይፈጠርና ብልጭታ ይወጣል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ ይህ ብልጭታ ሊያፈነዳው ይችላል፤ ሲጋራና ክብሪትም ከባትሪው የሚርቁት በዚሁ ምክንያት ነው። መልሰህ ስታስር ግን ነጌቲቩ የመጨረሻው ነው።»

በስላይዱ ላይ ተለያይተው የነበሩት ሁለቱ ነጥቦች አሁን መንስኤና ውጤት ሆነዋል። ሦስተኛው፣ የውሃው ጉዳይ፣ ከእነሱ ጋር ስለማይያያዝ የራሱን አንቀጽ ይይዛል፦ ከአሲዱ ውስጥ የሚቀንሰው ውሃው ስለሆነ የሚተካውም ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ የያዛቸው ማዕድናት ደግሞ ባትሪውን ይጎዳሉ። ስለዚህ አንድ ስላይድ የግድ አንድ አንቀጽ አይሆንም። በነጥቦቹ መካከል ያለው ዝምድና የቅደም ተከተል፣ የምክንያት ወይም የአማራጭ መሆኑን ስላይዱ ራሱ አይናገርም፤ የሚያውቀው ያስተማረው ሰው ነው። ጸሐፊው ሌላ ሰው ከሆነ አሠልጣኙን መጠየቅ እንጂ በግምት መሙላት የለበትም።

በብዛት የሚታየው ጉድለት በየነጥቡ መጨረሻ «ነው» ጨምሮ ሥራው አለቀ ማለት ነው። «ነጌቲቭ መጀመሪያ ነው። ጋዝ አደገኛ ነው። ውሃው ዲስቲልድ ነው» የሚለው አንቀጽ ይምሰል እንጂ ዝርዝር ነው። መለያው ቀላል ነው፦ የዓረፍተ ነገሮቹ ቦታ ተቀያይሮ ምንም ካልተበላሸ ጽሑፉ አልተያያዘም። ከላይ ባለው የባትሪ አንቀጽ ግን «ይህ ብልጭታ» የሚለው ወደ ፊት ቢመጣ ትርጉም ያጣል።

ሁሉም ነገር ግን ወደ አንቀጽ አይለወጥም። ሠልጣኙ ቁልፍ ይዞ እያየ የሚሠራባቸው ተራ ቁጥር ያላቸው ደረጃዎች፣ የመለኪያ ሠንጠረዥና የሽቦ ሥዕል እንዳሉ ይቀመጣሉ፤ ጽሑፉ የሚያብራራው ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ነው።

አሠልጣኞች ሆይ፣ ሀንድአውቱን ከማባዛታችሁ በፊት በዕለቱ ለቀረ አንድ ሠልጣኝ አስነብቡት። የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ሁሉ ገና ያልተጻፈ ዓረፍተ ነገር ነው።