ሲስተሙ በሚዘጋበት ሌሊት

በአንድ ጤና ጣቢያ ሰሌዳ ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ እንበል፦ «የታካሚዎች የመረጃ ቋት ቅዳሜ ከ10 እስከ 6 ሰዓት ለጥገና ስለሚዘጋ በወረቀት ሥሩ።» አጭርና ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን የኮምፒውተር ባለሙያው ያሰበው ሌሊቱን ሲሆን ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ የተረዳችው አመሻሹን ነው።

ባለሙያው ጥገናውን ከመጀመሩ በፊት የመረጃውን ቅጂ ያስቀምጣል። ሥራው ከተበላሸበት ወደዚያ ቅጂ ይመለሳል፤ ከቅጂው በኋላ የተመዘገበ ነገር ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ገጹ ቢከፈትም፣ መረጃ የሚቀበል ቢመስልም፣ የመዝጊያው ሰዓት ካለፈ ማንም ምንም መጻፍ የለበትም። ጥሩ ማስታወቂያ ይህን ምክንያት ጭምር ይናገራል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው «ሲስተሙ እኮ ይሠራል» ብሎ መጻፉን ይቀጥላልና።

አሁን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ከባድ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን መጣ። እናቱ የካርድ ቁጥሩን አታስታውስም። ተረኛዋ ነርስ አዲስ ካርድ ብታወጣለት ልጁ ሁለት ካርድ ይኖረዋል፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈውም በአሮጌው ላይ ይቀራል። መፍትሔው አስቀድሞ የተዘጋጀ የጊዜያዊ ቁጥር ደብተር ነው። ደብተሩ በአንድ ቦታ ብቻ ይቀመጣል፤ በሁለት ክፍል ከሆነ አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው ይሰጣል። ቁጥሩ በላብራቶሪ መጠየቂያውም በመድኃኒት ማዘዣውም ላይ ይጻፋል። ጠዋት ልጁ በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም፣ በዕድሜውና በቀበሌው ተፈልጎ ከነባር ካርዱ ጋር ይገናኛል። አለርጂውን ግን እስከ ጠዋት የሚነግራት ሲስተም ስለሌለ ነርሷ እናቲቱን ጠይቃ በወረቀቱ አናት ላይ በጉልህ መጻፍ አለባት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጠዋት ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የሚፈጠረው ስሕተት ነው። ነርሷ «ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት፣ መርፌ ተሰጠ» ብላ ጽፋለች። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነች፤ ለኮምፒውተሩ ግን ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሮ እሑድ 01:00 ሆኗል። ገልባጩ እንዳለ «ቅዳሜ 07:00» ብሎ ቢያስገባ መርፌው ከእውነተኛው ሰዓት 18 ሰዓት ቀድሞ የተሰጠ ይመስላል። በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ከሆነ ቀጣዩ ተረኛ ተከታዮቹ መርፌዎች የተዘለሉ ይመስለዋል። ስለዚህ ገልባጩ የሚያስገባው እሱ የጻፈበትን ሰዓት ሳይሆን አገልግሎቱ የተሰጠበትን ነው፤ ሌላ ሰው ከወረቀቱ ጋር ሳያመሳክርም ወረቀቱ ከፋይሉ አይወጣም።

ማስታወቂያ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት (22:00) እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት (06:00)» ብላችሁ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ከሥሩም ሌሊቱን የሚደወልለትን ሰው ስልክ አስቀምጡ።