በጥቂቱ የደበዘዘን የፊት ፎቶግራፍ ለማጥራት፦ አንሻርፕ ማስክ ወይስ ሃይ ፓስ?

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ በሚገኝ ፎቶ ቤት የተነሳ የምርቃት ፎቶግራፍ ለአብነት ይወሰድ። ተመራቂዋ ሹሩባ የተሠራች፣ ነጭ ነጠላ የለበሰች ስትሆን፣ የካሜራው ፎከስ ከዓይኗ ይልቅ ጆሮዋ ላይ በማረፉ ፊቷ በጥቂቱ ደብዝዟል። የምርቃቱ ዕለት ስላለፈ ፎቶግራፉ ዳግመኛ አይነሳም፤ ቤተሰቡ ደግሞ በትልቁ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ይፈልጋል። ስለዚህ ያለውን ምስል ማጥራት ግድ ይሆናል።

ሁለቱ የማጥሪያ ስልቶች መሠረታቸው አንድ ነው። ሁለቱም የምስሉን የደበዘዘ ቅጂ አዘጋጅተው ከዋናው ምስል ይቀንሳሉ፤ የሚቀረው ልዩነት የጠርዞችና የዝርዝሮች መረጃ ነው። አንሻርፕ ማስክ ይህን ልዩነት በቀጥታ በዋናው ምስል ላይ ይደምራል። ሃይ ፓስ ግን በመካከለኛ ግራጫ ላይ አሳርፎ ራሱን የቻለ ሌየር ያደርገዋል፤ ውጤቱንም የሚወስነው ሌየሩ ከዋናው ምስል ጋር የሚቀላቀልበት ስልት ነው። የተለመደው ኦቨርሌይ ሲሆን፣ በሁለቱ ስልቶች መካከል ያለው ዋና ልዩነት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው።

ኦቨርሌይ የልዩነቱን ጉልበት በቦታው ብርሃን ይመዝናል። በመካከለኛ ብርሃን ላይ ሙሉ ኃይል ሲኖረው፣ ወደ ጥቁርና ወደ ነጭ በተጠጋ ቁጥር ይዳከማል። ብርሃን ከ0 እስከ 255 ሲለካ፣ የነጠላው ጠርዝ 240፣ ልዩነቱም 30 ቢሆን፣ መቶ በመቶ የተደረገ አንሻርፕ ማስክ ድምሩን 270 ያደርሰዋል። ከ255 የሚያልፈው ስለሚቆረጥ የሽመናው ዝርዝር ጠፍቶ በጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይታያል። ኦቨርሌይ ግን 244 ገደማ ላይ ያቆመዋል። በአንጻሩ ብርሃኑ 40 በሆነው ሹሩባ ላይ የ10 ልዩነት በአንሻርፕ ማስክ 50 ሲደርስ፣ በኦቨርሌይ ከ43 ብዙም አያልፍም፤ ጸጉሩም እንደደበዘዘ ይቀራል።

ችግሩ ቆዳ ላይ ነው። የተመራቂዋ ፊት ብርሃን ለ128 የቀረበ በመሆኑ ኦቨርሌይ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው በዚያ ነው፤ የቆዳ ቀዳዳዎችም ጎልተው ይወጣሉ። አንሻርፕ ማስክ ግን ትሬሽሆልድ የተባለ መቆጣጠሪያ አለው። ይህ 5 ላይ ቢደረግ ልዩነታቸው 3 የሆነ ቀዳዳዎች ሳይነኩ፣ ልዩነቱ 20 የሆነው ሽፋሽፍት ይጠራል። ሃይ ፓስ ይህ መቆጣጠሪያ ስለሌለው ቆዳውን በማስክ መከለል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለዚህ ፎቶግራፍ ለዓይንና ለሹሩባ አንሻርፕ ማስክ፣ ለነጠላው ደግሞ ሃይ ፓስ በኦቨርሌይ ይመረጣል። በሁለቱም ሬዲየሱን ከ1 እስከ 1.5 ፒክሰል አድርጎ መጀመር ይበቃል። ውጤቱ ምስሉን መቶ በመቶ አጉልቶ በትከሻው ጠርዝና በግንባሩ ላይ ይመረመራል፤ ነጭ መስመር ወይም የሻከረ ቆዳ ከታየ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ሽፋሽፍቱ ከመጀመሪያውም ተለይቶ የማይታይ ከሆነ ግን ሁለቱም ስልቶች የጠፋውን ዝርዝር አይመልሱም፤ የቀረውን ጠርዝ ብቻ ያጎላሉ።