«ምን አለ?»

ጠዋት ራውንድ ላይ አንድ ሬዚደንት ኬዝ እያቀረበ ነው። ታካሚው የ29 ዓመት ወጣት ነው፤ መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ያመጣችው ታላቅ እህቱ ናት። ሬዚደንቱ አለባበሱን፣ አነጋገሩን፣ ስሜቱን በደንብ ዘርዝሮ ሐሳቡ ላይ ሲደርስ ቸኮለ። «የሐሳብ ቅርጹ የተዛባ ነው። ይዘቱ፣ ዲሉዥን አለው። ኢንሳይት የለውም» ብሎ አነበበ። ሲኒየሩ ሐኪም ካርዱን ዘጉና «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ።

ሬዚደንቱ ዝም አለ። ታካሚውን ከብዙዎች ያዳቀልኩት ነው፤ ዝምታው ግን የራሴ ነው፤ በሥልጠናዬ ዘመን ደጋግሜ እንዲህ ዝም ብያለሁ። ሦስት ብይን ሰጥቶ አንድም ማስረጃ አላቀረበም። ነገ ሌላ ሐኪም ያንን ካርድ ቢከፍት ታካሚው ተሻለው ወይስ ባሰበት ለማለት የሚያነጻጽርበት ነገር አያገኝም።

የአእምሮ ሁኔታ ምርመራ የሚባለው ሐኪሙ በዚያች ሰዓት ያየውንና የሰማውን የሚጽፍበት ክፍል ነው። ከዚህ ውስጥ የሐሳብ ቅርጽ ማለት አንዱ ሐሳብ ከሌላው ጋር የሚያያዝበት መንገድ ነው፤ ይዘት ደግሞ ሐሳቡ ስለ ምን እንደሆነ። ሁለቱ አብረው ላይበላሹ ይችላሉ። «መንግሥት ጥርሴ ውስጥ ሬዲዮ ቀበረ» የሚል ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥርዓት ባለው ንግግር ሊያስረዳን ይችላል፤ ይዘቱ ታሟል፣ ቅርጹ ግን ጤነኛ ነው።

ሬዚደንቱ ማስታወሻውን ሲያገላብጥ ደግነቱ አንድ ነገር ጽፎ ኖሯል። «ወደዚህ እንዴት መጣህ?» ብሎ ጠይቆት ወጣቱ እንዲህ መልሷል፦ «በታክሲ። ታክሲው ሰማያዊ ነው። ሰማዩን ያረሱት አጎቴ ናቸው። ጤፍ ዘንድሮ ተወዷል፤ ስለዚህ የጫማዬን ክር አላስርም።»

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። የመጀመሪያዋ ቃል ትክክለኛ መልስ ናት። ከ«ሰማያዊ» ወደ «ሰማይ» የተሻገረው በቃሉ ድምፅ ነው። ከእርሻው ወደ ጤፍ መምጣቱንም በግድ ልንከተለው እንችላለን፤ ከጤፍ ወደ ጫማ ክር ግን መሻገሪያ የለም፤ «ስለዚህ» የሚለው ቃል የሚያያይዘው ነገር አጥቶ ቀርቷል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ሰዋስው አልጎደለውም። የተሰበረው ድልድዩ ነው። ይህ ዲሬይልመንት ይባላል፤ ባቡር ከሐዲዱ እንደሚወጣው ማለት ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ናንሲ አንድሪያሰን በ1979 ባወጣችው ሥራ እንዲህ ያሉትን የንግግር ችግሮች አንድ በአንድ ለይታ ትርጉም ሰጥታቸዋለች። «የተዛባ» የሚለው ቃል ግን ሁሉንም አንድ ጆንያ ውስጥ ይከታቸዋል።

በእኛ አገር ሠልጣኙን በተለይ የሚያሳስተው ዙሪያ ጥምጥም ወሬ ነው። አንድ አዛውንት «መቼ ታመሙ?» ሲባሉ ከልጃቸው ሠርግ ተነሥተው፣ በበሬው ዋጋ በኩል አድርገው፣ የዝናቡን ነገር አንሥተው፣ በመጨረሻ «እንግዲህ በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው» ይላሉ። ቢረዝምም ደርሰዋል። ተጠይቆ ወደ ጎን ወጥቶ የማይመለስ ሰው ሌላ ነው፤ እሱ ታንጀንሻል ነው። ስለዚህ መልሱ መምጣት አለመምጣቱን እስከ መጨረሻው ጠብቆ መስማት ያስፈልጋል። ሐሳቡ የሚበርር ሰው ደግሞ በፍጥነት ያወራል፣ ቃሉ ቤት ይመታል፤ ሆኖም አንዱን ከሌላው ያገናኘውን ነገር አድማጩ ብዙውን ጊዜ ያገኘዋል።

«አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚያስመልስ ጥያቄ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። ታካሚው ጥቂት ደቂቃ ሳይቋረጥ ማውራት አለበት። ቋንቋው የተለየ ከሆነና ዘመድ የሚያስተረጉም ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይከፋል፤ እህት የወንድሟን ንግግር ስታስተረጉም ሳታውቀው ድልድዩን ትጠግንለታለች። «በታክሲ መጣሁ ነው የሚለው» ትላለች፤ ሰማዩም፣ ጤፉም፣ ጫማውም ይጠፋሉ። ካርዱ በእንግሊዝኛ ቢሞላም የታካሚው ቃል አስቀድሞ በተናገረበት ቋንቋ ቢጻፍ የተሻለ የሚመስለኝ ለዚህ ነው።

ወደ ይዘቱ እንሂድ። ወጣቱ «ጎረቤታችን መተት አሠርታብኛለች» ብሏል። ሬዚደንቱ «ዲሉዥን» ብሎ የጻፈው ይህችን ሰምቶ ነው። ግን መተት አለ ብሎ ማመን በሽታ ከሆነ ስንቱን ሰፈር ልናስተኛ ነው? መጠየቅ ያለበት «እንዴት አወቅህ?» ተብሎ ነው። ሲጠየቅ «ማክሰኞ ጠዋት በሯ ላይ ቀይ ፎጣ አሰጣች። ያኔ ገባኝ፤ ለእኔ የተላከ ምልክት ነው» አለ። «ሌላ ምክንያት ሊኖራት አይችልም?» ሲባል «በጭራሽ» አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የታሸገ ብስኩት ብቻ በልቷል፤ የበሩን ቁልፍ ሁለት ጊዜ አስቀይሯል። እህቱ ደግሞ «ዶክተር፣ መተትማ እኔም አምናለሁ። ይሄ የእሱ ግን ሌላ ነው፤ ፎጣ ማን የማያሰጣ አለ?» አለች።

ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም። እምነቱን የምትጋራው ሰው እንኳ ማስረጃውን አልተጋራችውም። ዲሉዥን ለማለት ያበቃን የመተቱ ነገር አይደለም፤ ከፎጣው ተነሥቶ የደረሰበት መንገድ፣ የማይነቀነቅ እርግጠኝነቱና ኑሮውን የቀየረበት መጠን ነው። ሌሊት ትሰድበኛለች ማለቱ ግን እዚህ አይገባም፤ ድምፅ መስማት የሚጻፈው በስሜት ሕዋሳት ክፍል ነው። ተጠይቆ የለም የተባለውም ይጻፋል። «ራሱን የማጥፋትም ሆነ ጎረቤቱን የመጉዳት ሐሳብ እንደሌለው ተናገረ፤ ‹የምሸሸው እኔ ነኝ› አለ» የሚለው መስመር ባይኖር፣ አልተጠየቀም ወይስ የለውም የሚለውን የሌሊት ተረኛው አያውቅም።

ኢንሳይት፣ ማለትም የራስን ሕመም መረዳት፣ አለ ወይም የለም ተብሎ የሚያልቅ አይደለም። ብሪታኒያዊው ሐኪም አንቶኒ ዴቪድ በ1990 በሦስት ከፍሎታል፦ መታመምን ማወቅ፣ ያልተለመደውን ስሜት የሕመም ውጤት ነው ብሎ መቀበል፣ ሕክምናን መቀበል። ወጣታችን «አልታመምኩም፤ የፎጣው ነገር እውነት ነው። እንቅልፍ ግን አጥቻለሁ፤ ለእሱ ኪኒን ብትሰጡኝ እወስዳለሁ» ብሏል። ሁለቱ የሉም፤ ሦስተኛው በከፊል አለ። «ኢንሳይት የለውም» ቢባል የሚቀበረው ይኸው ነው፤ ሕክምናው የሚጀመርበት በር ደግሞ እሱ ነው። በተቃራኒው «አዎ ታምሜአለሁ» የሚል ታካሚ ሐኪሞች ያሉትን እየደገመ ሊሆን ይችላል፤ «ሕመሙ እንዴት ያደርግሃል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። «መንፈስ ይዞኝ ነው» ብሎ ጸበል የሚሄድም የለውጡ ምንጭ እሱ ላይ እንደሆነ ተረድቶ እርዳታ እየፈለገ ነውና፣ ባዶ ተብሎ አይጻፍም።

ሬዚደንቱ በማግስቱ ካርዱን እንደገና ጻፈው። በቅርጽ ቦታ «ለአጭር ጥያቄ ይመልሳል፤ በነጻ ሲያወራ ከሐዲድ ይወጣል» አለና የታክሲውን መልስ በአማርኛ ገለበጠው። በይዘት ቦታ ፎጣው፣ «በጭራሽ» የሚለው ቃል፣ ብስኩቱ፣ ቁልፉና የእህቱ ምስክርነት ገቡ። ኢንሳይት ላይ የወጣቱን ንግግር እንዳለ አሰፈረው። ርዝመቱ ከ10 መስመር አላለፈም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ «ስለ ፎጣው አሁን ምን ታስባለህ?» ተብሎ ተጠየቀ። «ሊደርቅ አስጥታው ይሆናል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም» አለ። ይህም በዚያው ቃል ተጻፈ። እርስዎም የታመመ ዘመድዎን ይዘው ሲመጡ የተናገረውን ሳያስተካክሉ ይንገሩን።