አንዱን መልእክት ለሊንክድኢንና ለቲክቶክ እንዴት እናዘጋጀው?

የክበባት ተጠሪዎች አንድ ነገር ለሕዝብ ማሳወቅ ሲፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ መልእክቱን አንድ ጊዜ ይጽፉና ያንኑ ጽሑፍ በየቦታው ይለጥፋሉ። ለሊንክድኢን የተጻፈውን ረጅም ጽሑፍ አንድ ተማሪ ካሜራ ፊት ቆሞ ያነበውና ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ወይም ለቲክቶክ የተሠራው የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ያለ ምንም ማብራሪያ ሊንክድኢን ላይ ይጫናል። በሁለቱም መንገድ መልእክቱ ይወጣል፣ ነገር ግን ሊሠራው የሚችል ሰው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ አንዱ መልእክት ለሁለቱ ቦታዎች ሲዘጋጅ ምኑ መለወጥ እንዳለበት፣ ምኑ ደግሞ ፈጽሞ መነካት እንደሌለበት በአንድ ምሳሌ ያሳያል።

በመጀመሪያ ሁለቱ ቦታዎች በምን እንደሚለያዩ እንመልከት። ሊንክድኢን በ2003 እ.ኤ.አ. ለሥራ ዓለም ሰዎች የተከፈተ መገናኛ ነው። አንባቢው በስሙ፣ በሙያውና በሚሠራበት ድርጅት ተመዝግቦ ይገኛል። ስለዚህ ጽሑፉን ሲያነብ «በሥራዬ ወይም በማውቃቸው ሰዎች በኩል ምን ማድረግ እችላለሁ?» ብሎ ሊያስብ ይችላል። አንድ ጽሑፍ እስከ 3000 ፊደልና ምልክት ይይዛል። ነገር ግን አንባቢው በመጀመሪያ የሚያየው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው። የቀረውን ለማንበብ መጫን አለበት።

ቲክቶክ ላይ የሚያየን ሰው ግን በአብዛኛው የማያውቀን ነው። መተግበሪያው ቪዲዮውን ተከታዮቻችን ላልሆኑ ሰዎችም ያቀርባል፣ ተመልካቹ እስከ መጨረሻ ማየቱን ወይም ቶሎ ማለፉንም ይከታተላል። ቀጣዩ ቪዲዮ ያለው ከአውራ ጣት በታች ነው። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆንን፣ ለምን እንደምንናገር ለማወቅ የሚታገሥ ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንምጣ። በአንድ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል 45 ተማሪዎች አሉ እንበል። ያለው የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ 15 ነው። የጎደለው 30 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 12ቱ አምና የተማሩት ልጆች ሳይመልሷቸው በየቤታቸው የቀሩ ናቸው። 18ቱ ግን ከአዲስ አበባ ተገዝተው መምጣት አለባቸው። የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 20 ነው።

ቪዲዮም ሆነ ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጻፋል። የመጀመሪያው መልእክቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በስምንተኛ ክፍል አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለሦስት ተማሪ ስለሆነ የጎደሉትን 30 መጻሕፍት እስከ ጥቅምት 20 ማሟላት እንፈልጋለን።» ሁለተኛው የማይለወጡ ነገሮች ዝርዝር ነው፦ 45፣ 15፣ 30፣ 12፣ 18 እና ጥቅምት 20። እነዚህ ቁጥሮች በአንዱ ቦታ ላይነሱ ይችላሉ፣ ከተነሱ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ መሆን አለባቸው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «እዚያ የሚያየን ሰው ምን ማድረግ ይችላል?» የሚል ነው። በምሳሌያችን መልሱ ግልጽ ነው። 12ቱ መጻሕፍት ያሉት በዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች እጅ ነው፤ እነሱን የምናገኘው ቲክቶክ ላይ ነው። 18ቱን ገዝቶ ማምጣት የሚችሉት ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎችና የማጓጓዣ ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱን ሊንክድኢን ላይ መፈለግ ይሻላል። መልእክቱ አንድ ሆኖ ልመናው ሁለት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሊንክድኢኑ ጽሑፍ ሲጀመር ሰላምታና የትምህርት ቤቱ ታሪክ መቅደም የለባቸውም። «ለተከበራችሁ የማኅበረሰባችን አባላት በሙሉ፣ በቅድሚያ እንደምን ሰነበታችሁ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ የሚታዩትን መስመሮች በሰላምታ ይጨርሳቸዋል፣ ጉዳዩ የሚገኘው ከመጫኛው በስተጀርባ ይሆናል። በእነዚያ መስመሮች ውስጥ ይህን የመሰለ ነገር ይግባ፦

«በስምንተኛ ክፍላችን አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለሦስት ተማሪ ነው። የጎደሉን 30 ናቸው። 12ቱን ከተማሪዎች ቤት እየሰበሰብን ነው፤ 18ቱን ከአዲስ አበባ ገዝቶ ለማምጣት እርዳታ እንፈልጋለን።»

ከዚህ በኋላ ማብራሪያው በአጫጭር አንቀጾች ይቀጥላል። አንዱ አንቀጽ ችግሩ በትክክል ምን እንደሚመስል ይናገራል፦ ሦስት ልጆች መጽሐፉን በተራ ስለሚወስዱ አንድ ልጅ ቤቱ የሚያሳድረው በሦስት ቀን አንዴ ነው፣ የቤት ሥራው ግን በየቀኑ ይሰጣል። ሌላው ለምን እንደጎደለ ይገልጻል፦ አምና መጻሕፍቱ ሲታደሉ መዝገብ አልተያዘም፤ ዘንድሮ ግን እያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ተሰጥቶት በወላጅ ፊርማ ይወጣል። ይህ አንቀጽ የግድ ያስፈልጋል፤ ገንዘብ ወይም ጊዜ የሚሰጥ ሰው «የሚቀጥለው ዓመትስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርምና። የመጨረሻው አንቀጽ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ «ከአዲስ አበባ ዕቃ የምታመላልሱ ወይም የሚያመላልስ የምታውቁ ከሆነ አንድ ካርቶን ልትጭኑልን ትችላላችሁ?» የመጻሕፍቱ ዋጋና ገንዘቡን የሚረከበው ሰው ኃላፊነትም እዚሁ ይገለጻል። አንባቢው በሌላ አገር ሊኖር ስለሚችል ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

የቲክቶኩ ቪዲዮ ይህንን ጽሑፍ በማሳጠር አይሠራም። እዚህ ላይ የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ፈተና ይሆናል፣ ምክንያቱም በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። «ባለፈው ዓመት ስምንተኛ ክፍል የነበሩና ወደ ዘጠነኛ ክፍል የተዛወሩ ተማሪዎች በቤታቸው የሚገኘውን የሒሳብ መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍት እንዲመልሱ እንጠይቃለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ምንም ጉድለት የለበትም። በቪዲዮ ግን ሰሚው ምን እንደተጠየቀ የሚያውቀው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነው፣ ከዚያ በፊት አልፎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ተሰባብሮ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ማሰሪያ ማግኘት አለበት። ለ30 ሰከንድ ያህል የሚሆነው ይኸውና፦

ከ0 እስከ 3 ሰከንድ፦ የሦስት ልጆች እጆች አንድ መጽሐፍ ይዘዋል። ድምፅ፦ «ዛሬ መጽሐፉ የማን ተራ ነው?»

ከ3 እስከ 10፦ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ ይታያል። «እኛ 45 ነን። የሒሳብ መጽሐፉ 15 ነው። አንዱ ለሦስት።»

ከ10 እስከ 17፦ አንድ ልጅ መጽሐፉን ለሌላው ያቀብላል። «ቤቴ የሚያድረው በሦስት ቀን አንዴ ነው። የቤት ሥራ ግን በየቀኑ አለ።»

ከ17 እስከ 30፦ የቤተ መጻሕፍቱ መመለሻ ሣጥን። «አምና ስምንተኛ ነበራችሁ? መጽሐፉ ቤት አለ? እስከ ጥቅምት 20 እዚህ ሣጥን ውስጥ ክተቱት። ለምን ዘገየ ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የተጨመረችው መጽሐፉን የያዘው ልጅ የሚያፍር ወይም ቅጣት የሚፈራ ስለሚሆን ነው። እርግጥ ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋር ቀድሞ ስምምነት መደረግ አለበት። «እስከ ዓርብ» ከማለት ቀኑን መጥራት የተመረጠው ደግሞ ቪዲዮው ከወጣ ከሳምንት በኋላም ለአዲስ ሰው ሊታይ ስለሚችል ነው፤ ያ ሰው የትኛው ዓርብ እንደሆነ አያውቅም። ድምፁን ዘግቶ የሚያይ ሰው ስላለ ንግግሩ በጽሑፍም ይታይ። ጽሑፉ ግን ከታችና ከቀኝ ጠርዝ ራቅ ይበል፣ እዚያ የመተግበሪያው ምልክቶችና መግለጫው ይሸፍኑታልና። ፊት ሳይሆን እጅ የተቀረጸውም ሆን ተብሎ ነው። ቪዲዮው ወደ ማናውቀው ሰው ስልክ ይሄዳል፤ የልጆች ፊት፣ ስምና የደንብ ልብስ ላይ ያለ ዓርማ ያለ ወላጅ ፈቃድ መታየት የለበትም። ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች፣ ሊንክድኢን ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስለማይፈቅዱ ገጾቹን የሚይዘው መምህር ቢሆን ይመረጣል።

በማሳጠር ጊዜ የሚመጣው ትልቁ ስሕተት ማጋነን ነው። «አንዱ ለሦስት» የሚለው «ልጆች ያለ መጽሐፍ ይማራሉ» ወደሚል ይለወጣል፣ ይህ ደግሞ ብዙ ሰው ሊስብ ይችላል። ነገር ግን አንድ ወላጅ ጠዋት ቪዲዮውን አይቶ ማታ ጽሑፉን ሲያነብ 15 መጽሐፍ እንዳለ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬው ወደ ቪዲዮው ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ወደ ጠየቀው ጽሑፍም ይሻገራል። ያ የቁጥር ዝርዝር ከሁሉ በፊት የሚጻፈውም ለዚህ ነው።

መልእክቱ መሥራቱን የምናውቀው ደግሞ በዕይታ ብዛት አይደለም። ቪዲዮውን አሥር ሺህ ሰው ቢያየው፣ ከእነሱ መካከል አምና ስምንተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ከሌለ ሣጥኑ ባዶ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ ቪዲዮውን በቴሌግራም ወደ ዘጠነኛ ክፍል ጓደኞቻቸው እንዲልኩት ማድረግ ያሻል። ቲክቶክ ተመልካቹ በየትኛው ሰከንድ እንደሚወጣ በሥዕል ያሳያል። ሰዎቹ በሦስተኛው ሰከንድ ላይ ከወጡ መነሻው ይለወጥ፤ እስከ መጨረሻ አይተውት መጽሐፍ ካልመጣ ግን ችግሩ ልመናው ላይ ነው። ሊንክድኢን ላይም «በርቱ» የሚል አስተያየት በዝቶ ስለ ዋጋው ወይም ስለ ካርቶኑ የጠየቀ ከሌለ፣ ሰዎቹ ችግሩን ሰምተዋል፣ ምን እንድናደርግ ተፈለገ የሚለው ግን አልገባቸውም።

ሁለቱም ሳይወጡ በፊት አንድ ቀላል ፈተና አለ። ጉዳዩን የማያውቁ ሁለት ሰዎች ይመረጡ። አንዱ ጽሑፉን ያንብብ፣ ሌላው ቪዲዮውን አንድ ጊዜ ብቻ ይይ። ከዚያ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ስንት መጽሐፍ እንዳለና የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ ይጠየቁ። የሁለቱ መልስ ከተለያየ ከሁለቱ አንዱ ይታረማል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን መጀመሪያ የጻፍነው ወረቀት ነው።