ወፍጮው ባዶውን ይነሣ

ወፍጮ ቤቱ ሞተር ባስነሣ ቁጥር የሰፈሩ መብራት ደብዘዝ ብሎ ይመለሳል። በቆመው ሮተር ውስጥ የሚፈጠረው ከረንት እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ሮተሩ ፍጥነት ሲይዝ ግን ይቀንሳል። በሥራ ላይ 30 አምፔር ገደማ የሚወስድ የ15 ኪሎዋት ሞተር፣ በቀጥታ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች 180 አምፔር ሊስብ ይችላል።

ይህን ለማለዘብ ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ ስታር ዴልታ ነው። ሞተሩ ሦስት ኮይሎች አሉት። በዴልታ ሲታሰሩ እያንዳንዱ ኮይል በሁለት ፌዞች መካከል ስለሚገኝ 380 ቮልት ሙሉውን ያገኛል። በስታር ግን የሦስቱም አንዳንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ይገናኛልና ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 220 ቮልት ነው። ቮልቴጁ ሲያንስ በኮይሉ የሚያልፈው ከረንት ከ104 ወደ 60 አምፔር ይወርዳል። በዴልታ አንዱ መስመር ሁለት ኮይሎችን ስለሚመግብ 180 ይሸከም ነበር፤ በስታር የሚሸከመው የአንዱን ኮይል 60 ብቻ ነው። ከመስመሩ የሚሳበው ከረንት አንድ ሦስተኛ የሚሆነው በዚህ ነው።

ዋጋው የሚከፈለው በጉልበት ነው። የማዞር ጉልበት የቮልቴጁን ስኩዌር ተከትሎ ስለሚወርድ እሱም አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ይህ ሞተር ሙሉ ጭነቱን ለማዞር 100 ኒውተን ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በቀጥታ ሲነሣ 180 የሚሰጥ ቢሆን፣ በስታር የሚሰጠው 60 ብቻ ነው። ባዶ ድንጋይ ለማዞር 60 ይበቃል፤ በድንጋዮቹ መካከል እህል ታጭቆ ከቀረ ግን አይበቃም።

እህል ሳይጠራ የሚያስነሣ ባለ ወፍጮ ታዲያ ምን ያያል? ሞተሩ እያጓራ ይቆማል፣ ወይም ግማሽ ፍጥነት ላይ ይቀራል። ታይመሩ ግን ሰዓቱን እንጂ ፍጥነቱን አያውቅም። ጊዜው ሲደርስ የስታሩን ኮንታክተር ለቅቆ ዴልታውን ያስገባል፤ ያን ጊዜ የተፈራው ከረንት ከሞላ ጎደል እንዳለ ይመጣና ፊውዙ ይቃጠላል። ብዙዎች ትልቅ ፊውዝ ይተካሉ፤ ይህ ለኮይሉ አደገኛ ነው። መፍትሔው እህሉን መጥረግ፣ ከዚያም ታይመሩን ሞተሩ ወደ ሙሉ ፍጥነቱ እስኪጠጋ ማቆየት ነው። ድምፁ ከፍ ማለቱን አቁሞ ሲረጋ ጊዜው ደርሷል። ጭነቱን ማራገፍ የማይቻልበት ማሽን ከሆነ ስታር ዴልታ አይስማማውም፤ ሌላ ማስነሻ መምረጥ ያሻል።

ሞተር ሲገዛም የስም ሰሌዳውን ማንበብ ይገባል። በ380 ቮልት መስመር ለዚህ ዘዴ የሚሆነው Δ/Y 380/660 ቮልት የሚል ነው። 220/380 የሚለው ሞተር በዚያ መስመር ላይ መሥራት ያለበት በስታር ብቻ ነው፤ ወደ ዴልታ ሲዞር 220 ቮልት የሚችለው ኮይል 380 ይደርሰውና ይቃጠላል።